ሥርዓተ ትምህርቱ 40 ደቂቃ ውስጥ ሲገባ

ጥያቄ፦ በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ ነኝ። አዲሱን መርሐ ትምህርትና የመምህር መምሪያዎቹን ደጋግሜ አንብቤያለሁ፤ በጥንቃቄ የተዘጋጁ ናቸው። መምህራኑም ሥልጠና ወስደዋል። ክፍል ገብቼ ስመለከት ግን መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል፤ እኔ ስማር እንደነበረው ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ነገር የት ላይ ነው የሚጠፋው? መምህራኑ ለውጥ ስለማይፈልጉ ይሆን?

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። ለውጥ የማይፈልግ መምህር የለም አልልም፤ አለ። ነገር ግን አንድ አሠራር በአንድ ትምህርት ቤት ሳይሆን በአገር ደረጃ፣ ያውም ለብዙ ዓመታት አልሠራ ሲል ምክንያቱን በመምህራን ጠባይ መፈለግ ብዙ አያራምድም። ተከታታይ ምዘና አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ መርሐ ትምህርቱ ተከልሷል፣ መጻሕፍቱ ተቀይረዋል፣ የመምህራን ማሠልጠኛው መልኩን ለውጧል። በዚያ ሁሉ መሐል ያለፈ መምህር ሁሉ ሰነፍ ነበር ማለት አንችልም።

እኔ የሒሳብ መምህራንን ከሚያሠለጥኑት ወገን ነኝ። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ሳየው መምህሩ ሰነዱን የሚቆርጠው በሁለት ልክ ነው፤ አንዱ የክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፣ ሁለተኛው እናንተ ይዛችሁ የምትመጡት የክትትል ቅጽ። በሁለቱም ልክ የማይገባው ይጣላል። የሚጣለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሥርዓተ ትምህርቱ ልብ የሆነው ክፍል ነው።

በጥቅሉ ከማውራት አንድ ክፍለ ጊዜ ወስደን እንየው። አምስተኛ ክፍል፣ ሒሳብ፣ 60 ተማሪ፤ የዕለቱ ርዕስ ታሕታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር ነው እንበል። እንዲህ ያለ ርዕስ ላይ የመምህር መምሪያ በተለምዶ የሚጠይቀው ይህን ነው፦ መምህሩ ያለፈውን ትምህርት በጥያቄ ያስታውሳል፤ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወረቀት እያጠፉ ግማሽና ሲሶ ሲደመሩ ስንት እንደሚሆኑ ይፈልጋሉ፤ ቡድኖቹ ያገኙትን ያቀርባሉ፤ መምህሩ ያጠቃልላል፤ በመጨረሻም እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው ሁለት ሦስት ጥያቄ ሠርቶ ማን እንደገባው፣ ማን እንዳልገባው ይለያል። እንደ ሒሳብ አስተማሪ አንድም የምጥለው ነገር የለኝም።

አሁን ሰዓቱን እንያዝ። መምህሩ ከሌላ ክፍል መጥቶ እስኪገባ፣ ሰሌዳው እስኪጠፋና ስም እስኪጠራ 5 ደቂቃ ይሄዳል። የቤት ሥራ ማየት አለበት፤ የ60 ልጅ ደብተር አንብቦ ማረም ስለማይቻል በየወንበሩ እያለፈ ይፈርማል፤ ይህ 8 ደቂቃ ይወስዳል። መጽሐፉ ለሁለት ለሦስት ልጅ አንድ ከሆነ፣ ወይም ከዓመቱ አጋማሽ በፊት ካልደረሰ፣ ምሳሌውና መልመጃው ሰሌዳ ላይ መጻፍ፣ ልጆቹም መገልበጥ ይኖርባቸዋል፤ 12 ደቂቃ ጨምሩበት። 15 ደቂቃ ቀረ። 60 ልጅ በአምስት በአምስት ሲደራጅ 12 ቡድን ይሆናል። መምህሩ ለእያንዳንዱ ቡድን 1 ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ ለማብራሪያም፣ ለቡድኖቹ አቀራረብም፣ ለማጠቃለያም፣ ለግል ሥራም በድምሩ 3 ደቂቃ ይተርፈዋል።

ስለዚህ ይመርጣል። 10 ደቂቃ ያብራራል፤ በቀረው 5 ደቂቃ «በቡድን ተወያዩ» ይላል። ወንበሮቹ ይዞራሉ፣ ጎበዙ ልጅ ሠርቶ ይጨርሳል፣ አራቱ ይገለብጣሉ። የቡድን ሥራ ተሠርቷል፤ ቅጹ ላይም ምልክት ይደረግለታል። ወረቀት ማጠፉ ግን ቀርቷል፤ የግል ሥራውም ለቤት ተላልፏል፤ ነገ እንደገና ይፈረምበታል።

እርስዎን ያሳዘነዎት የሰሌዳ ላይ ጽሑፍም በዚህ ዓይን ሲታይ ሌላ መልክ አለው። መጽሐፍ ለሌለው ልጅ ከሰሌዳ የገለበጠው ደብተር ብቸኛው መጽሐፉ ነው፤ ለፈተና የሚያጠናውም እሱን ነው። ማስገልበጥን አቁሙ ብሎ ያዘዘ ሰው በምትኩ ለልጁ የሚነበብ ነገር ካልሰጠው መምህሩ ትእዛዙን ባይፈጽም አልፈርድበትም።

እስካሁን ያልነው ስለ ጊዜ ነው። ክፍሉ ውስጥ ካለው የበለጠ ከባድ ነገር ግን የልጆቹ ደረጃ ነው። ከዚያው ክፍል ሦስት ደብተር እንክፈት። የመጀመሪያው ልጅ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሏል። ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት ደመረ። ብዙዎቻችን ይህን የችኮላ ስሕተት አድርገን በቀይ እናቋርጠዋለን። ልጁ ግን አልቸኮለም፤ ክፍልፋይ ለእሱ በመሥመር የተለያዩ ሁለት ቁጥሮች እንጂ አንድ መጠን አይደለም። «ግማሽ ዳቦ ላይ ሲሶ ጨምረህ እንዴት ከግማሽ ያነሰ አገኘህ?» ቢባል፣ ሁለት አምስተኛ ከግማሽ እንደሚያንስ በሥዕል ቢያይ፣ ነገሩ ሊበራለት ይችላል። ሁለተኛዋ ልጅ የጋራ ታሕት እንደሚያስፈልግ ታውቃለች፤ የማባዛት ሠንጠረዡን ስለማታውቀው ግን 6 ላይ አትደርስም። ሦስተኛው በቁጥር የተጻፈውን ይሠራል፤ ያው ጥያቄ በዓረፍተ ነገር ሲመጣ ማንበብ ስለማይችል ባዶውን ይተወዋል። ሦስቱም ዜሮ አግኝተዋል። የሚያስፈልጋቸው ትምህርት ግን ለየቅል ነው፤ የሁለቱ ከአምስተኛ ክፍል መጽሐፍ ውስጥ ጭራሽ የለም።

ይህ በእኔ ክፍል ምሳሌ ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች በተካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘና ከሦስት የሁለተኛ ክፍል ልጆች አንዱ ገደማ ከቀረበለት አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም ነበር። እነዚያ ልጆች ግን ወደ ሦስተኛ፣ ወደ አራተኛ ክፍል አልፈዋል። የየክፍሉ መጽሐፍ የሚጻፈው ያለፈውን ክፍል ትምህርት ጨርሶ ለመጣ ልጅ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠው ደግሞ ሌላ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ከሰነዶቻችን አንድ ጠባይ ላሳይዎት። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ልጅ ሳይወድቅ እንዲያልፍ ሲወሰን ከጎኑ የተጻፈ ነገር ነበር፦ መምህሩ በተከታታይ እየመዘነ ወደ ኋላ የቀረውን በማጠናከሪያ ትምህርት ያግዛል። ሁለቱ አንድ ላይ ካልሄዱ ትርጉም የላቸውም። የመጀመሪያው ለመፈጸም አንድ ደብዳቤ ይበቃዋል፤ ወጪ የለውም። ሁለተኛው የመምህር ሰዓት ይፈልጋል። የቱ ክፍል ውስጥ እንደገባ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። አዲስ መርሐ ትምህርት በመጣ ቁጥር እኔ የማየው ይህን ነው፤ ከጥንዶቹ መካከል በመመሪያ ብቻ የሚፈጸመው የቱ ነው፣ ሰዓት የሚበላው የቱ ነው ብዬ እለያለሁ። ሰዓቱ ከየት እንደሚመጣ ያልተጻፈለት ነገር ክፍል ድረስ አይዘልቅም።

ወደ መምህሩ እንመለስ። ሦስቱን ስሕተቶች አየ እንበል፤ ጥሩ መምህር ያያል። ወደ ኋላ ተመልሶ አንድ ሳምንት ማባዛትና የክፍልፋይ ትርጉም ቢያስተምር ምን ይገጥመዋል? ዓመታዊ እቅዱ ላይ ክፍልፋይ በዚህ ወር ያልቃል ተብሎ ተጽፏል። በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ አለው፤ ከዚያ ላይ ስብሰባ፣ በዓል፣ የፈተና ሳምንት ይቀነሳል። የጉድኝት ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ እቅዱንና የክፍሉን ደብተር ጎን ለጎን አድርጎ «ፖርሽን ለምን ወደ ኋላ ቀረ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ወደ ፊት ቢገፋና ከ60ው 40 ልጅ ባይገባው ግን ማንም አይጠይቀውም፤ ይህ የሚመዘገብበት ቦታ የለምና። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ወደ ፊት እገፋለሁ።

ተከታታይ ምዘናው የሚበላሸውም በዚሁ ስሌት ነው። አንድ የሒሳብ መምህር አምስት ክፍል ቢይዝ በሳምንት 25 ክፍለ ጊዜ ያስተምራል፤ 300 ተማሪም አለው። አንዲት አጭር መልመጃ ሰብስቦ ለእያንዳንዱ ልጅ 2 ደቂቃ ቢሰጥ 600 ደቂቃ፣ ማለትም 10 ሰዓት ይፈጅበታል። ይህን በየሳምንቱ የሚያደርግ መምህር ካገኙ ይሸልሙት፤ ከሌሎቹ ግን አይጠብቁ። ሌሎቹ የሚያደርጉት የታወቀ ነው፦ ምዘናውን ወደ ማርክ ይለውጡታል። ለደብተር አያያዝ 5፣ ለተሳትፎ 5፣ ለቡድን ሥራ 10፣ ለአጫጭር ፈተና 20 እየተባለ ይደመራል። የቡድን ሥራው ማርክ ለአምስቱም እኩል ይሰጣል፤ ከአምስቱ የሠራው አንዱ ነው። ምዘናው የተፈለገው 2/5 ያለው ልጅ ለምን እንዲያ እንዳለ ለማወቅ ነበር፤ ሮስተሩ ላይ የሚቀረው ግን «7» የሚል ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም ለምን እንደሆነ አይናገርም።

ቁጥሩ ደግሞ ወደ ላይ ይሳባል። ብዙ ተማሪ የወደቀበት መምህር ሪፖርት ይጽፋል፣ ማጠናከሪያ ለምን አልሰጠህም ይባላል፤ ሁሉን ያሳለፈ ምስጋና ያገኛል። ውጤቱን በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተና አይተነዋል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ ክትትል ሲሰጥ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ ገደማ፣ በመቶኛ 3.3 ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመትም 3.2 በመቶ። የፈተናው ክብደትና የዓመቱ ሁኔታ የራሱ ድርሻ እንዳለው አልክድም፤ ጦርነት የነበረበት ጊዜ ነው። ሆኖም እነዚያ ተማሪዎች በሙሉ በየዓመቱ የትምህርት ቤታቸው ሮስተር ላይ እያለፉ 12ኛ ክፍል የደረሱ ናቸው። ሰው ስለ ፈተናው ብዙ ተከራከረ፤ ስለ ሮስተሩ ግን የተናገረ ጥቂት ነው።

«ሥልጠና ወስደዋል» ያሉትን ነገር ሳልነካ አላልፍም። አዲስ መርሐ ትምህርት ሲመጣ ሥልጠናው ከማዕከል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከዚያም ወደ ትምህርት ቤት ይወርዳል። በየደረጃው ቀኑ ያጥራል፤ ከሁሉ በፊት የሚወድቀው ደግሞ ልምምዱ ነው። ላይ በተግባር የተሞከረው እታች በስላይድ ይነበባል። በመጨረሻ መምህሩ ጋ የሚደርሰው «ተማሪዎችን በቡድን አደራጁ፣ አሳትፉ» የሚል ለሁሉም ትምህርት የሚሆን ምክር ነው፤ 2/5 ላለው ልጅ ምን ይባላል የሚለው መንገድ ላይ ቀርቷል። ስለ አሳታፊ ዘዴ ሙሉ ቀን በገለጻ ሲሰጥ ተቀምጠው የሰሙ መምህራን ከይዘቱ ይልቅ አሰጣጡን ቢማሩ አይደንቅም። በዓመት 60 ሰዓት እንዲሆን የታሰበው ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያም በብዙ ቦታ ለክትትል የሚቀርብ ማኅደር ማደራጀት ሆኖ ቀርቷል።

ታዲያ ይህ ቋጠሮ ተፈትቶ ያውቃል ወይ ቢሉ፣ ለእርስዎ ሥራ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ከሕንድ ነው። ፕራታም የተባለው ድርጅት ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ያሉትን ልጆች በቀን ለተወሰነ ሰዓት ክፍላቸውን ትቶ በሚያውቁት ልክ እየመደበ ማንበብና ሒሳብ ያስተምራል፤ ፊደል የማይለየው አንድ ጋ፣ ቃል የሚያነበው አንድ ጋ፣ አንቀጽ የሚያነበው አንድ ጋ። በበጎ ፈቃደኞች ሲሠራ ውጤቱ ጥሩ ነበር። ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ሲገባ ግን አንድ ትልቅ ነገር ታየ። በቢሃርና በኡታራካንድ መምህራኑ ሠልጥነው፣ ማስተማሪያው ተሰጥቷቸው በተለመደው ሰዓት እንዲጠቀሙበት ሲተዉ የሚታይ ለውጥ አልመጣም፤ መምህራኑ ወደ መጽሐፋቸውና ወደ ፖርሽናቸው ተመለሱ። በሃርያና ደግሞ በመርሐ ግብሩ ላይ ለዚሁ ብቻ የሚሆን ሰዓት ተለየ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሱፐርቫይዘሮቹ ከመቆጣጠራቸው በፊት ለተወሰኑ ሳምንታት ራሳቸው ክፍል ገብተው በዘዴው አስተማሩ። እዚያ የልጆቹ ንባብ ተሻሻለ። መምህራኑ ያው የመንግሥት መምህራን ናቸው፤ ማስተማሪያውም ያው ነው። የተለወጠው ሰዓቱና የሚቆጣጠረው ሰው ነበር።

እርስዎ የክፍል ተማሪ ቁጥር መቀነስ አይችሉም፤ መጽሐፍም አያሳትሙም። የክትትል ቅጹ ግን እጅዎ ላይ ነው። አሁን ያለውን ቅጽ አንድ ጊዜ በጥሞና ያንብቡት፦ ዕለታዊ እቅድ አለ ወይ፣ ዓላማው ተጽፏል ወይ፣ መርጃ መሣሪያ ይዟል ወይ፣ ቡድን አደራጅቷል ወይ። አንድ ልጅ አፉን ሳይከፍት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ተሞልቶ የሚያልቅ ቅጽ ነው።

በሚቀጥለው ጉብኝትዎ ከኋላ ወንበር ይቀመጡ፤ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅም ሦስት ነገር ይመልከቱ። መጀመሪያ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ደብተር ወስደው ተሳስቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ስሕተቱም በማግስቱ ተስተካክሎ እንደሆነ ይፈልጉ። ሙሉ በሙሉ ትክክል የሆነና በየገጹ የተፈረመበት ደብተር ካገኙ የተገለበጠ መሆኑን ይጠርጥሩ። ቀጥሎ ጎበዝና ሰነፍ ሳይሉ ከዝርዝሩ ላይ አምስት ልጆች መርጠው ለእያንዳንዳቸው ለብቻ፣ ከክፍላቸው ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለ አንድ አንቀጽ ያስነብቡ፣ አንድ የማባዛት ጥያቄ ይስጡ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ መጽሐፉና ክፍሉ ምን ያህል እንደተራራቁ ግን ከማንኛውም ሪፖርት በላይ ይነግርዎታል። ሦስተኛው ሮስተሩ ነው። በአስር ከሚታረመው ውስጥ ሁሉም ልጅ ከ7 እስከ 9 ላይ ተጨናንቆ ከተቀመጠ፣ አንቀጹን ማንበብ ያቃተው ልጅም 8 ካለው፣ እዚያ ክፍል ምዘና የለም፤ ማርክ ብቻ ነው ያለው። ይህን ለመምህሩ ቅጣት እንዳይጠቀሙበት ግን አደራ፤ አንዴ ከቀጡበት ሁለተኛ እውነተኛ ሮስተር አያዩም።

ከዚያ ቀጥሎ የምመክርዎት ሁለት ትምህርት ቤት፣ በእያንዳንዱም አንድ የክፍል ደረጃ ብቻ መርጠው በሳምንት ከአምስቱ የሒሳብ ክፍለ ጊዜዎች ሁለቱን ልጆቹን በሚያውቁት ልክ ለማስተማር እንዲለዩ ነው። በዚያ ምክንያት ፖርሽን ወደ ኋላ ቢቀር እንደማይጠየቅበት ለመምህሩ በጽሑፍ ይስጡት፤ የቃል ፈቃድ ሱፐርቫይዘር በተቀየረ ማግስት ይረሳል። ርዕሰ መምህሩም ያንን ሰዓት ለስብሰባ እንደማይነካው ይፈርም። ዓመቱን ሙሉ መሥራት የሚችለው ግን ክፍሎቹ ቢያንስ ሁለት ሆነው ልጅ ተቀያይሮ መመደብ ሲቻል ነው፤ አንድ ክፍል ብቻ ያለው ትንሽ ትምህርት ቤት ውስጥ መምህሩ ብቻውን ሦስት ቡድን ለየብቻ ማስተማር ስለሚከብደው እዚያ ባይጀምሩ ይሻላል። ከደመወዝ ማነስ የተነሳ ከሰዓት በኋላ ሌላ ቦታ የሚያስተምር መምህርም ለዝግጅት ጊዜ አይኖረውም፤ የሁለቱ ክፍለ ጊዜዎች መልመጃ ተዘጋጅቶ ሊሰጠው ይገባል። መልመጃውን ሲያዘጋጁም ሆነ ሱፐርቫይዘሮቹን ሲልኩ፣ አስቀድመው እርስዎም እነሱም ለሁለት ሳምንት ያህል ያንኑ ክፍል ራሳችሁ አስተምሩት። የ60 ልጅ ክፍል ውስጥ የትኛው መልመጃ 10 ደቂቃ፣ የትኛው 25 ደቂቃ እንደሚፈጅ ቢሮ ተቀምጦ መገመት አይቻልም።